«አብሽር» ከማለትህ በፊት

ደሴ ቢሮ ስሠራ ትልቁ ችግሬ «አብሽር» የምትለዋ የወሎ ቃላችን ነበረች። አለቃዬ ተጨማሪ ሥራ ይዘው ሲመጡ ሳላስበው ታመልጠኛለች። «እስቲ እሞክራለሁ»ም ያው ናት። አንተ እምቢ ያልክ ይመስልሃል፤ እሳቸው ግን እሺታ ሰምተው ሄደዋል። ሐሙስ ላይ «የታለ?» ይሉሃል።

አሁን እንዲህ ነው የምለው፦ «ጋሼ፣ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ሳምንት ግን አልችልም። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ዓርብ ይገባል፤ የኮምቦልቻው ንብረት ቆጠራም ገና ሁለት ቀን ይፈልጋል። ሰኞ ከሆነ ልጀምረው እችላለሁ።»

«አልችልም» የምትለዋ እንዳትዘለል። ምክንያት ሁለት ይበቃል። ሲበዛ ሰበብ ይመስላል፤ አለቃም ለእያንዳንዱ መላ እያበጁ ይመልሱልሃል። ሰኞንም የምትጠራው እውነት ከቻልክ ብቻ ነው።

«የለም፣ ግድ ነው» ካሉ አትከራከር። የያዝከውን ሥራ ዝርዝር አሳያቸውና «የትኛውን ላቆየው?» በላቸው። ከመረጡ በኋላ በቴሌግራም አንድ መስመር ጻፍ፦ «በተነጋገርነው መሠረት ቆጠራው ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል።» እኔ ይቺን መስመር ዘልዬ፣ ዓርብ ዕለት ሁለቱንም ተጠይቄ አውቃለሁ።