የታደሰ ንግድ ፈቃድ እንዴት ይነበባል?

ለመሥሪያ ቤት ወይም ለዕድር ዕቃ ለመግዛት ከሱቆች ፕሮፎርማ ሲሰበስቡ የታደሰ ንግድ ፈቃድ ኮፒ አብሮ ይያያዛል። ብዙ ሰው ማኅተሙን አይቶ ያልፋል፤ ወረቀቱ ግን ቀስ ብሎ መነበብ አለበት።

መጀመሪያ የነጋዴውን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን (ቲን) ከፕሮፎርማው ማኅተም ጋር ያመሳክሩ። ቁጥሩ ካልገጠመ የያዙት የሌላ ሰው ፈቃድ ነውና ወደ ታች መውረድ አያስፈልግም።

ቀጥሎ «የንግድ ሥራ መስክ» የሚለውን ያንብቡ። «የጽሕፈት መሣሪያዎች ችርቻሮ» ከተባለ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሸጣል። ይኸው ሱቅ የቢሮ ወንበር ፕሮፎርማ ከሰጠዎት ወንበሩን የሚሸፍን መስክ ተጽፎ እንደሆነ ይፈልጉ። «ችርቻሮ»፣ «ጅምላ» እና «አስመጪ» የሚሉት ቃላትም አይተካኩም፤ አንዱ ለሌላው አያገለግልም።

ፈቃዱ የተሰጠበትን ቀን ሲያዩ የዘመን አቆጣጠሩን ይለዩ። በእንግሊዝኛው በኩል ያለው ቀን የፈረንጅ ከሆነ ከእኛው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይቀድማል። ደግሞ ይህ ቀን ፈቃዱ መቼ እንደወጣ ብቻ ነው የሚናገረው። በ2011 የወጣ ፈቃድ ዘንድሮ የታደሰ ሊሆን ይችላል።

ሰው የሚሳሳተው እድሳቱ ላይ ነው። ፈቃድ የሚታደሰው በበጀት ዓመት ነው፤ በጀት ዓመቱ ደግሞ መስከረምን አይጠብቅም፣ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል፤ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 በቅጣት።

ኅዳር 2017 ላይ ሁለት ኮፒ ቀረበልዎት እንበል። አንደኛው የታደሰው ነሐሴ 20 ቀን 2016 ነው፤ ሁለተኛው ግንቦት 5 ቀን 2016። ሁለቱም «2016» ስለሚሉ አንድ ይመስላሉ። የነሐሴው ግን የ2017 በጀት ዓመት እድሳት ነው፤ በ«ዓመቱ አለፈበት» ከጣሉት ሱቁን በድለዋል። የግንቦቱ የ2016 ነው፤ ለ2017 ገና አልታደሰም። ባለሱቁ እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ማሳደስ ስለሚችል ሕገወጥ ነው አይባልም፤ የግዥ መመዘኛዎ «የዘመኑ እድሳት» የሚል ከሆነ ግን አሳድሶ እንዲያመጣ ይንገሩት። ያው ወረቀት የካቲት ላይ ቢመጣ ቅጣት ውስጥ የገባ ነው።

ኮፒ በቀላሉ ስለሚነካካ በመጨረሻ etrade.gov.et ላይ በቲን ቁጥሩ ይፈልጉት። የሚወጣውን መስክና የእድሳት ሁኔታ ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። ካልተስማሙ ወደ ሱቁ ጎራ ይበሉ፤ ፈቃዱ በሚታይ ቦታ መቀመጥ ስላለበት ብዙውን ጊዜ ከባንኮኒው ጀርባ ግድግዳ ላይ ያገኙታል።