ወጪው የበዛው ብዙ ስለሠራን ነው ወይስ ስላባከንን? ስታቲክ እና ፍሌክሲብል በጀትን አስተያይቶ መለየት

የወሩ ሪፖርት ወጥቷል። ወጪው ከበጀቱ በ16,400 በልጧል። ትርፉ ግን ከታሰበው በ1,200 ጨምሯል። ሥራ አስኪያጁ «ካተረፍን ምን ችግር አለ» ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርጋል። የምርት ኃላፊው ደግሞ «ብዙ ስለሠራን ነዋ ወጪው የበዛው» ይላል።

ኃላፊው አልዋሸም። ግን ከ16,400ው ውስጥ ስንቱ ብዙ ከመሥራት የመጣ ነው? ስንቱስ ዝም ብሎ የፈሰሰ ገንዘብ ነው? ሪፖርቱ ይህን አይናገርም፤ የተወዳደረው ከስታቲክ በጀት ጋር ብቻ ነውና።

ስታቲክ በጀት ወሩ ከመጀመሩ በፊት በአንድ የምርት መጠን ላይ ቆሞ የሚሠራ በጀት ነው። መጠኑ ቢጨምርም ቢቀንስም እሱ ንቅንቅ አይልም። ፍሌክሲብል በጀት ደግሞ ወሩ ካለቀ በኋላ ይሠራል። የሚጠይቀው «ይህን ያህል እንደምንሠራ ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ስንት እንመድብ ነበር?» ብሎ ነው።

አንድ ቦርሳ የሚሰፋ ድርጅት ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። የገንዘቡን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ በየትኛውም ገንዘብ ስሌቱ አንድ ነው።

1. ወጪውን የሚያንቀሳቅሰውን መለኪያ ምረጡ

ለዚህ ድርጅት መለኪያው ያለቀለት የቦርሳ ብዛት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። አንዳንዱ በቦርሳው ብዛት ፈንታ የተሠራበትን ሰዓት ይወስዳል። ሠራተኞቹ ቀስ ብለው ከሠሩ ሰዓቱ ይረዝማል፤ ሰዓቱ ሲረዝም በጀቱም አብሮ ያድጋል። በመጨረሻ ልዩነት አይታይም፤ ድክመቱን በጀቱ ራሱ ሸፍኖታል። ስለዚህ መለኪያው የወጣው ምርት ይሁን እንጂ የገባው ጉልበት አይሁን።

2. ወጪዎቹን ለዩ

ከብዛት ጋር አብሮ የሚሄደው ተለዋዋጭ ወጪ ይባላል። በዕቅዱ መሠረት አንድ ቦርሳ 1.5 ሜትር ጨርቅ ይፈጃል፤ ሜትሩ 20 ስለሆነ ጨርቁ 30 ነው። የቆራጭና የሰፊ ክፍያ 20፣ ክርና ዚፕ 3 ነው። ቢሠራም ባይሠራም የሚከፈለው ደግሞ ቋሚ ወጪ ነው፤ ኪራይ፣ የኃላፊዎች ደመወዝ፣ ጥበቃ።

የሚያስቸግረው ድብልቁ ነው። መብራትን ውሰዱ። ማሽኑ ባይነሳም የሚመጣ ክፍያ አለ፤ ሲነሳ ደግሞ ይጨምራል። ብዙ ከተሠራበት ወርና ጥቂት ከተሠራበት ወር ሂሳቦቹን አውጡ። በ900 ቦርሳ 2,900፣ በ1,300 ቦርሳ 3,700 ተከፍሎ ከነበረ 400 ቦርሳ ያመጣው ጭማሪ 800 ነው። ለአንድ ቦርሳ 2 ደረሰ ማለት ነው። ከ2,900 ላይ የ900 ቦርሳውን 1,800 ስትቀንሱ 1,100 ይቀራል፤ እሱ ቋሚው ክፍል ነው። ሁለት ወር ብቻ ስለሚያይ ዘዴው ሻካራ ነው። ማሽን ተበላሽቶ የነበረበትን ወር ከመረጣችሁ ደግሞ ይሸውዳችኋል። ለጀማሪ ግን ይበቃል።

ሁሉም ሲደመር ለአንድ ቦርሳ 55፣ ለወሩ ቋሚ 25,000 ወጣ።

3. ቀመሩን ጻፉ

ኤክሴል ላይ የቦርሳው ብዛት B1 ውስጥ ካለ፣ የወጪው በጀት ይኸው ነው፦

```
=25000+55*B1
```

B1 ላይ 1000 ስትጽፉ 80,000 ይመጣል። ይህ የስታቲክ በጀቱ ወጪ ነው። ወሩ አልቆ 1200 ስትጽፉ 91,000 ይመጣል። ይህ የፍሌክሲብሉ ነው። 25,000ው በሁለቱም ቦታ ያው መሆኑን ልብ በሉ። አንዳንዱ «ምርቱ 20 በመቶ ጨምሯል» ብሎ ጠቅላላ በጀቱን በ20 በመቶ ያሳድገዋል። 96,000 ያገኛል፤ 5,000 ያለ ምክንያት ተፈቀደ ማለት ነው። ኪራይ ቦርሳ ስለበዛ አይበዛም።

4. ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ

አንድ ቦርሳ በ100 ለመሸጥ ታቅዶ ነበር። በወሩ 1,200 ተሠርቶ ሁሉም ተሸጧል፤ በ98 ሒሳብ።

| | ስታቲክ (1,000) | ፍሌክሲብል (1,200) | የሆነው (1,200) |
|---|---|---|---|
| ሽያጭ | 100,000 | 120,000 | 117,600 |
| ጨርቅ | 30,000 | 36,000 | 40,800 |
| የጉልበት ክፍያ | 20,000 | 24,000 | 23,400 |
| ክር፣ ዚፕ፣ መብራት | 5,000 | 6,000 | 6,200 |
| ቋሚ ወጪ | 25,000 | 25,000 | 26,000 |
| ትርፍ | 20,000 | 29,000 | 21,200 |

የመብራቱ ቋሚ ክፍል «ቋሚ ወጪ» ውስጥ ነው ያለው።

5. መሃል ላይ ቆማችሁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እዩ

ከመሃሉ ወደ ግራ ያለው ልዩነት የብዛት ውጤት ነው። ዋጋውም፣ የአንዱ ቦርሳ ወጪም አልተነካም፤ የተለወጠው ብዛት ብቻ ነው። ትርፉ ከ20,000 ወደ 29,000 ሄዷል። አንድ ቦርሳ በ100 ተሸጦ 55 ሲወጣበት 45 ይተርፋል፤ 200 ቦርሳ ሲጨመር 9,000። ይህ የመጣው በሽያጩ ነው። የምርት ክፍሉ አይመሰገንበትም፣ አይወቀስበትምም።

ከመሃሉ ወደ ቀኝ ያለው ልዩነት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ብዛቱ በሁለቱም በኩል 1,200 ስለሆነ «ብዙ ስለሠራን ነው» የሚለው ምክንያት እዚህ አይሠራም። 29,000 መሆን የነበረበት ትርፍ 21,200 ሆኗል። 7,800 ጠፍቷል። ሥራ አስኪያጁ ያያት የ1,200 ጭማሪ 9,000 ገብቶ 7,800 ከፈሰሰ በኋላ የተረፈችው ናት።

የወጪውንም እንዲሁ ክፈሉት። ከ16,400ው ውስጥ 11,000ው በብዛት የመጣ፣ የሚጠበቅ ነው። 5,400ው ግን መልስ ይፈልጋል። ኃላፊው ሁለት ሦስተኛውን እውነት ተናግሯል ማለት ነው። የቀረው የ7,800ው ክፍል፣ 2,400ው፣ በዋጋ ቅናሽ የሄደ ነው። እሱን ለመኮነን አትቸኩሉ። 200ውን ቦርሳ ያመጣው ቅናሹ ከሆነ 2,400 ተከፍሎ 9,000 ተገኝቷል፤ ጥሩ ንግድ ነው። ቅናሹን ያገኙት ያለሱም ይገዙ የነበሩ ደንበኞች ከሆኑ ግን ገንዘቡ በከንቱ ሄዷል።

6. ትልቁን ልዩነት ብቻ ተከታተሉ

ጨርቅ 4,800 አልፏል። የክር፣ የዚፕና የመብራቱን 200 ለጊዜው ተዉት፤ እሱን ለማጣራት የምታጠፉት ጊዜ ከ200 በላይ ያስወጣል።

የጨርቁ ወጪ የሚጨምረው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ዋጋው ጨምሯል ወይ ብዙ ጨርቅ አልቋል። ከመጋዘን የወጣው 2,000 ሜትር ሆኖ ተገኘ እንበል፤ አንዱ ሜትር የተገዛው በ20.40። ለ1,200 ቦርሳ የሚፈቀደው 1,800 ሜትር ነበር።

በዋጋ በኩል 2,000 ሜትር በ0.40 ሲባዛ 800 ነው። በአጠቃቀም በኩል 200 ትርፍ ሜትር በ20 ሲባዛ 4,000 ነው። እንግዲህ ገዢውን መጥራት ብዙ አይጠቅምም። መልሱ ያለው መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ነው።

አሁን የጉልበት ክፍያውን ተመልከቱ። በ600 ቀንሷል፤ በወረቀት ላይ ጥሩ ዜና ነው። ግን ለትዕዛዙ ብዛት ሲባል ልምድ የሌላቸው ቆራጮች በዝቅተኛ ክፍያ ገብተው ቢሆንስ? 600 ተቆጥቦ 4,000 ተቆርጦ ተጣለ ማለት ነው። መለየቱ አያስቸግርም። የመጋዘን ማውጫ ደረሰኞቹን በየቀኑ ደርድሩና አዲሶቹ ከገቡበት ቀን ጋር አስተያዩ። የሜትሩ ፍጆታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘለለ ምክንያቱን አገኛችሁ። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ከፍ ብሎ ከቆየ ደግሞ ምናልባት 1.5 ሜትር የሚለው ዕቅድ ራሱ ተሳስቷል። ፍሌክሲብል በጀት ይህን አይነግራችሁም። የተሰጠውን መለኪያ አምኖ ነው የሚያባዛው።

የቋሚ ወጪው 1,000ም ትንሽ ያሳስባል። ማታ ማታ በመሠራቱ ለጥበቃ የትርፍ ሰዓት የተከፈለ ከሆነ፣ «ቋሚ» ያልነው እስከ አንድ መጠን ድረስ ብቻ ነበር ቋሚ የነበረው። ከዚያ ካለፈ ደረጃ እንደመውጣት ይዘላል። ቀመሩ ከስንት እስከ ስንት ቦርሳ እንደሚሠራ አጠገቡ መጻፍ አለበት።

ምርት የቀነሰበት ወር

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ የተገላቢጦሹ ወር ነው። 800 ቦርሳ ብቻ ተሠርቶ ወጪው 74,000 ቢሆን፣ ከስታቲኩ 80,000 ጋር ሲታይ 6,000 የተቆጠበ ይመስላል። ማንም ጥያቄ አያነሳም፤ እንዲያውም ምስጋና ይመጣል። ቀመሩ ላይ 800 ስትጽፉ ግን 69,000 ይላችኋል። 5,000 ያለአግባብ ወጥቷል። ወጪ በበዛበት ወር ቢያንስ ሰው ይጮኻል። በዚህኛው ወር ብክነቱ ጸጥ ብሎ ያልፋል።

ቁጥሩ የሚዋሽበት ቦታ

ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛው የተገዛውን ጨርቅ የተፈጀ አድርጎ መያዝ ነው። ለሚቀጥለው ወር የሚሆን ጥቅል መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ እያለ ወጪው የዚህ ወር ከሆነ፣ ቆራጮቹን በሌሉበት ትከሳላችሁ። ሁለተኛው የተሠራውና የተሸጠው ብዛት ሲለያይ ነው። እኛ ሁለቱንም 1,200 አድርገን ቀለል አደረግነው። 1,200 ተሠርቶ 1,100 ብቻ ከተሸጠ ግን የጨርቁና የጉልበቱ ቁጥጥር በ1,200፣ ሽያጩ በ1,100 ነው የሚለካው። የ100ው ቦርሳ ወጪም ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያለ ከትርፉ ላይ አይቀነስም።