ማሽን ያረቀቀውን ኢሜይል ለተቀባዩ እንዲስማማ ማድረግ
በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተረቀቀ የሥራ ኢሜይል ለማንም ሊላክ የሚችል ሆኖ ስለሚወጣ፣ ለዓመታት አብሮዎት የሠራ ዕቃ አቅራቢ ሲደርሰው ቅሬታ የገባዎት ሊመስለው ይችላል። ረቂቁን ከማረምዎ በፊት ለዚያው ሰው ራስዎ የጻፉትን የመጨረሻ ኢሜይል ይክፈቱና ሰላምታውን፣ «አንተ» ወይም «እርስዎ» ያሉበትን አጠራርና ጥያቄ ያቀረቡበትን መንገድ ወደ ረቂቁ ያዛውሩ። ለምሳሌ «የክፍያ ደረሰኙን በተመለከተ ክትትል ለማድረግ እወዳለሁ» የሚለው «የመጋቢቱን ደረሰኝ እስከ ሐሙስ ብትልክልኝ ሂሳቡን እዘጋለሁ» ይሆናል። ቅርበትና ርቀት ጎልቶ የሚታየው በእነዚህ ቦታዎች ስለሆነ የቀረውን ብዙ መንካት አያስፈልግም፤ ሆኖም ማሽኑ «ላክልኝ» ብሎ ጀምሮ «ያሳውቁኝ» ብሎ ሊጨርስ ስለሚችል ግሦቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። የውል ክርክር ካለ ወይም ኢሜይሉ ለኃላፊዎች በግልባጭ የሚደርስ ከሆነ ግን መደበኛውን አጻጻፍ አይልቀቁ።