ያላለቀ ኦርደርና የተበላሸ ዕቃ ሲኖር ለሌሊት ሺፍት የርክክብ ማስታወሻ እንዴት ይጻፋል

አዳማ ውስጥ የማታ የመጋዘን ሱፐርቫይዘር ነህ እንበል፣ 4 ሰዓት ላይ የሌሊት ልጆች ሲገቡ "ዘይቱ ትንሽ ቀርቶታል፣ የተበላሸም አለ" ብለህ ባጃጅ ይዘህ ከሄድክ ሌሊቱን ሙሉ ስልክህ ሲጮህ ያድራል። ትንሽ ማለት ስንት ነው? የተበላሸውስ የት ነው የተቀመጠው?

መጀመሪያ ሂድና በእጅህ ቁጠር። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ያለውን ቁጥር ዝም ብለህ እንዳትገለብጥ፣ ብዙ ቦታ ካርዱ የሚቀነሰው መኪናው ተጭኖ ሲወጣ ነው፣ አንተ ደግሞ ግማሹን አውርደህ ፓሌት ላይ ደርድረሃል፣ ካርዱ ይሄንንም የፈሰሰውንም አያውቅም።

ምሳሌ እንይ። ባለ 5 ሊትር ዘይት፣ ካርዱ 134 ካርቶን ይላል። ለአሰላ የ120 ኦርደር አለ፣ 84ቱ በር 2 ጋ ፓሌት ላይ ነው፣ 36 ይቀራል። መደርደሪያ ላይ 50 አለ፣ ግን 9ኙ ያፈሳል፣ ስለዚ ደህናው 41 ነው፣ አሰላን ሞልተህ የሚተርፍህ 5 ብቻ። ጠዋት ደግሞ ለሞጆ 12 ካርቶን ይወጣል። ካርዱን ብቻ ያየ ሰው ከ134 ላይ 120 ቀንሶ 14 አለ ይበቃል ይላል፣ ኧረ 7 ይጎድላል! ካልጻፍክለት ቁጥሩ እንዲሞላለት ብሎ የሚያፈሰውን ይጭነዋል።

የተበላሸውን ከመጻፍህ በፊት ከደህናው ለየው። ዘይት እላይ ያለው ካፈሰሰ ታች ያለው ካርቶን ይርስና ክብደት መሸከም ያቅተዋል፣ ድርድሩም ይዘማል፣ ስለዚ ከስር ያሉትንም እየዳሰስክ እይ። ካርቶኑ ብቻ የተቀደደና ጀሪካኑ የፈሰሰ አንድ ላይ አይቆጠርም፣ የመጀመሪያው ካርቶን ተቀይሮለት ሊወጣ ይችላል። ባች ቁጥሩ እንዲታይ አድርገህ ፎቶ አንሳ፣ ከመኪና ሲወርድ ነው የተበላሸው ወይስ እዚሁ ፎርክሊፍት ወግቶት የሚለውን ጻፍ፣ ከትራንስፖርተሩ ካሳ የሚጠየቀው በዚህ ነውና። የዳሜጅ ሪፖርቱ ሳይፈረም ምንም እንዳይጣል በል።

ማስታወሻው እንግዲህ ይሄን ይመስላል፦

"አሰላ፣ ዘይት 5 ሊትር፣ 120። 84 በር 2፣ 36 ይቀራል፣ ከመደርደሪያው ደህና 41 ላይ ውሰዱ። መኪናው 11 ሰዓት ንጋት ይመጣል። ሞጆ 12 ይላል፣ የሚኖረው 5 ነው፣ ለሽያጭ ደውያለሁ፣ መልስ ሳይመጣ እንዳትጭኑ። ዳሜጅ 9 ካርቶን፣ የሚያፈስ፣ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ ግራ ጥግ። ከ9ኙ ምንም አይጫንም። ወለሉ ዘይት ነክቶታል፣ አሸዋ በትነናል፣ ፎርክሊፍት በዛ በኩል አይለፍ።"

"መልስ ሳይመጣ" የምትለዋን አትርሳ፣ ማን እንደሚወስን ካልታወቀ እያንዳንዱ በየራሱ ይወስናል።

ወረቀቱን ሰጥተህ ዝም ብለህ አትሂድ፣ ከሌሊቱ ተረካቢ ጋር ፓሌቱ ጋ አብራችሁ ሂዱና እሱ ራሱ ይቁጠረው። 84 ካልመጣለት ሳትፈርሙ እዛው አስተካክሉት፣ ከፈረመ በኋላ የሚጎድለው ካርቶን የሱ ነው የሚባለው፣ እሱም ይሄን ስለሚያውቅ ደህና አድርጎ ይቆጥራል።