የቆየ ጽሁፍ ጎብኚ ሲያጣ፦ ይታደስ፣ ይዋሃድ ወይስ ይዛወር?

ጽሁፉን መነካካት ከመጀመራችሁ በፊት ጉግል ሰርች ኮንሶልን ክፈቱ። Performance ውስጥ ግቡና የዛን ገጽ አድራሻ ብቻ አጣርታችሁ ዘንድሮን ካምና ጋር አወዳድሩ። ለምሳሌ የሽሮ ወጥ አሰራር ገጽ አላችሁ እንበል።

Impressions ወርዷል፣ position ግን እንዳለ ነው

ማለትም ገጹ ፍለጋ ላይ የታየበት ብዛት ቀንሷል፣ ደረጃው ግን አልተቀየረም። አብዛኛውን ጊዜ ገጹ ምንም አልሆነም፣ ፈላጊው ነው የቀነሰው። የጾም ምግብ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ኮንሶሉ የሚቆጥረው በፈረንጆች ቀን ነው፣ ፋሲካ ግን በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል። በ2025 ኤፕሪል 20 ነበር፣ በ2026 ኤፕሪል 12። ስለዚህ ከኤፕሪል 13 እስከ 19 ያለውን ሳምንት ብታወዳድሩ፣ አንዱ ዓመት ላይ ሰሙነ ሕማማት ነው፣ ሌላው ላይ ሰው ዶሮ ወጡን እየበላ ነው። ሽሮ ማን ይፈልጋል? ጾሙን ከጾሙ ጋር አወዳድሩ፦ ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 የጀመረውን 55 ቀን፣ ከፌብሩዋሪ 16 ቀን 2026 ከጀመረው ጋር። ተቀራራቢ ከሆነ ጽሁፉን አትንኩት።

Position ራሱ ወርዷል

Queries ላይ የትኛው ጥያቄ እንደወረደ እዩ፣ እሱኑ ጉግል ላይ ፈልጉና ከእናንተ የቀደሙትን አንብቡ። እነሱ የውሃውን መጠን እና ሽሮው እንዳይጓጉል ምን እንደሚደረግ ጽፈው እናንተ ካልጻፋችሁ መልሱ እሱ ነው። ጨምሩ፣ አድራሻውን ግን አትቀይሩ። ቀኑን ብቻ አድሶ መለጠፍ ማንንም አያታልልም።

ሁለት ገጾቻችሁ እየተሻሙ ነው

መጀመሪያ ያደረጋችሁትን የገጽ ማጣሪያ አንሱ፣ ከዛ አንዱን ጥያቄ አጣሩና Pages የሚለውን ተጫኑ። ሁለት አድራሻችሁ ለአንድ ጥያቄ እየተፈራረቁ ከወጡ፣ ብዙ ክሊክና ከሌሎች ድረገጾች ብዙ ሊንክ ያለው ይቆይ፤ አዲሱ ስላማረ ብቻ አሮጌውን አትጣሉ። ከሚዘጋው ገጽ ሌላው የሌለውን ብቻ ውሰዱና አድራሻውን ወደሚቆየው አዛውሩት። ሰርቨራችሁ አፓቼ ከሆነ `.htaccess` ውስጥ፦

```
Redirect 301 /shiro-aserar/ /shiro-wet/
```

ሁለቱም ስለ ሽሮ ስለሆኑ ብቻ ግን አታዋህዱ። ምጥን ሽሮ እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚጠይቅ ሰው ገና እህሉን እየለቀመ ነው፣ ወጥ የሚሰራው ደግሞ ድስቱን ጥዷል፤ ለየብቻ ይቀመጡ።

ካዛወርኩ በኋላ ጭራሽ ጠፋ

አብዛኛውን ጊዜ ወደ መነሻ ገጽ ስለተመራ ነው። ጉግል እንዲህ ያለውን እንደሌለ ገጽ ሊቆጥረው ይችላል፣ ስለዚህ ጥያቄውን ወደሚመልስ ገጽ ምሩት። የሚመልስ ገጽ ከሌላችሁ 404 ይሁን፣ ችግር የለውም። የራሳችሁን የውስጥ ሊንኮችም በቀጥታ ወደ አዲሱ አድራሻ ቀይሯቸው፣ ዝውውሩን ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት አታንሱት። በኋላ ኮንሶሉ የድሮውን አድራሻ Page with redirect ብሎ ከዘረዘረው አትደንግጡ፣ የፈለጋችሁትም ይሄንኑ ነው።