ሽ... የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣል? በፕሪአምፕ ኖይዝ ስሌት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለዳይናሚክ ማይክሮፎን ፕሪአምፕ ሠርቼ ነበር። ቺፑ NE5534A፣ ጌይኑ 101፣ አቀማመጡ ኖን-ኢንቨርቲንግ። ሄድፎን ሳደርግ ማንም ሳይናገር ሽ... ይላል። ወዲያው ቺፑ ላይ ፈረድኩ። በብዙ ብር AD797 ገዝቼ ተካሁት። ድምፁ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል። ሒሳቡን መሥራት የነበረብኝ ከመግዛቴ በፊት ነበር።

ፊድባክ ሬዚስተሮቹን መርሳት

የኔ ጥፋት ይሄ ነው። ማንኛውም ሬዚስተር ከረንት ባያልፍበትም እንኳ በሙቀቱ ምክንያት ኖይዝ ያወጣል፤ መጠኑ √(4kTR) ነው፤ k የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር፣ T ሙቀቱ በኬልቪን፣ R የሬዚስተሩ ኦም ነው። በቃል የሚያዝ ቁጥር አለ፦ 1 ኪሎኦም በክፍል ሙቀት 4 nV/√Hz ያህል ይሰጣል። ሬዚስተሩ በአራት እጥፍ ሲያድግ ኖይዙ በእጥፍ ያድጋል።

ጌይን 101 ለማግኘት 100 ኪሎኦምና 1 ኪሎኦም ነበር ያደረግኩት። ከኢንፑቱ በኩል ሲታዩ ሁለቱ ፓራለል ናቸው፤ 990 ኦም፣ ማለትም 4.05 ናኖቮልት። የቺፑ የራሱ 3.5 ነው። የማይክሮፎኑ 200 ኦም ደግሞ 1.82። ሰርኪቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው የሳንቲም ዕቃ ነበር።

ቁጥሮቹን እንዲሁ መደመር

እነዚህ ኖይዞች እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስኩዌር ይደረግና ይደመራል፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። የቺፑ ከረንት ኖይዝ 0.4 pA/√Hz ነው። በ990 ኦም ሲባዛ 0.4 ናኖቮልት ይሆናል። በማይክሮፎኑ 200 ኦም ላይ የሚሰጠው ኢምንት ስለሆነ ትቼዋለሁ።

```
e = √(1.82² + 3.5² + 4.05² + 0.4²) ≈ 5.7 nV/√Hz
```

ወደ ኢንፑት የተመለሰው ኖይዝ ይሄ ነው። በቀጥታ ቢደመር 9.8 ገደማ ይወጣ ነበር። ስኩዌሩ ሌላም ነገር ያሳያል፤ ትልቁ ቁጥር ሌሎቹን ይውጣቸዋል። ትልቁን ሳይነኩ ሌላውን ማሻሻል ድካም ነው።

ውዱ AD797 ቮልቴጅ ኖይዙ 0.9 ብቻ ነው። ከረንት ኖይዙ ግን 2 ፒኮአምፒር ነው፤ በ990 ኦሙ ላይ ሌላ 2 ናኖቮልት ይጨምራል። ድምሩ 5.0 ሆነ፤ 1.2 ዲቢ ብቻ ተረፈኝ። አሮጌውን ቺፕ መልሼ ሬዚስተሮቹን 1 ኪሎኦምና 10 ኦም ሳደርጋቸው ግን 4.0 ወጣ። 3 ዲቢ! ክፍያው ታዲያ ከ10 ኦሙ ጋር በተከታታይ የሚቀመጠው ካፓሲተር ነው። ለ20 Hz ቀድሞ 8 ማይክሮፋራድ ይበቃ ነበር፤ አሁን 800 ያስፈልጋል።

ሾት ኖይዝን ለሬዚስተር መስጠት

የሾት ኖይዝ ቀመር √(2qI) ነው፤ q የኤሌክትሮን ቻርጅ፣ I ከረንቱ። የሚሠራው ኤሌክትሮኖች እንደ ዳዮድ ወይም ትራንዚስተር ያለ ጀንክሽን አንድ በአንድ ሲሻገሩ ነው። ተራ የሜታል ፊልም ሬዚስተር ውስጥ ይህ የለም። ፕሪአምፕ ላይ ቦታው የኢንፑት ትራንዚስተሮቹ ቤዝ ከረንት ነው። የNE5534 ባያስ ከረንት በተለምዶ 500 ናኖአምፒር ነው። ቀመሩ ውስጥ ሲገባ 0.4 ፒኮአምፒር ይወጣል፣ ልክ ዳታሺቱ ላይ እንዳለው። ሲገጥም ደስ ይላል።

ግን ሁልጊዜ አይገጥምም። OP27 ባያሱ 10 ናኖአምፒር ገደማ ስለሆነ 0.06 ይወጣል ብለው ይጠብቃሉ። ዳታሺቱ 0.4 ይላል። ምክንያቱም ቺፑ ቤዝ ከረንቱን ከውስጥ በሌላ ከረንት ያጣፋዋል። ውጭ የሚታየው ልዩነቱ ብቻ ነው፤ ኖይዙ ግን አይጣፋም። ዳታሺቱ ቁጥሩን ከሰጠዎት እሱን ይያዙ።

ምንጩን ሳያዩ ቺፕ መምረጥ

ምንጩ 100 ኪሎኦም ቢሆንስ? የራሱ ሙቀት 41 ናኖቮልት ይሰጣል። የNE5534A ከረንት ኖይዝ ሌላ 40 ይጨምርበታል፤ ድምሩ 57። TL072 በወረቀት ላይ 18 ናኖቮልት ነው፣ «ጫጫታ» ተብሎ የሚናቅ። ጄፌት ስለሆነ ግን ከረንት ኖይዙ ከቁጥር አይገባም፤ ድምሩ 45 ላይ ይቆማል። እዚህ የተናቀው ያሸንፋል።

ባንድዊድዝን በግምት መያዝ

√Hz ያለውን ቁጥር ወደ ቮልት ለመለወጥ በባንድዊድዙ ስኩዌር ሩት ይባዛል። 20 kHz ላይ የሚቆርጥ አንድ RC ፊልተር ከሆነ ግን መያዝ ያለበት 20 ሳይሆን 31.4 kHz ነው፤ በ1.57 ይባዛል። ፊልተሩ ከመቁረጫው በላይ ያለውን ወዲያው አያጠፋውምና። የኔው 4.0 በዚህ ወደ 0.7 ማይክሮቮልት ይሆናል።

ሰርኪቱ ላይ ማረጋገጥ ለሚፈልግ፦ ማይክሮፎኑን ነቅለው ኢንፑቱን ከግራውንድ ጋር ሾርት ያድርጉት። በአሮጌዎቹ ሬዚስተሮች ኖይዙ የሚቀንሰው በግማሽ ዲቢ ብቻ ነው፤ ጆሮ አይለየውም። ያኔ ጩኸቱ የማይክሮፎኑ አይደለም፣ የፕሪአምፑ ነው።