የቬን ዲያግራም ድምር አልገጥም ሲል

የተደራረቡ ክቦች ተስለዋል፤ በየክፍሉ ቁጥር ተጽፏል፤ ጥያቄው «ስንት ሰው ነው?» ይላል። ስሌቱ ከመደመር አያልፍም፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ችግሩ መደመሩ ሳይሆን የትኞቹ ቁጥሮች እንደሚደመሩ መምረጡ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የአንድ ክፍል ተማሪዎች በሦስት ክበባት ይሳተፋሉ፦ ሙዚቃ፣ ቼዝና ስዕል። ሙዚቃ ብቻ 12፣ ቼዝ ብቻ 9፣ ስዕል ብቻ 7 ናቸው። ሙዚቃና ቼዝ በተደራረቡበት፣ ከስዕል ውጭ ባለው ክፍል 5 ተጽፏል። በሙዚቃና ስዕል መካከል 6፣ በቼዝና ስዕል መካከል 4 አለ። መሃል ላይ፣ ሦስቱም በተገናኙበት፣ 3። ከክቦቹ ውጭ፣ በአራት ማዕዘኑ ጥግ፣ 8። ወረቀት ላይ ብትስሉት ቀሪውን ለመከተል ይቀላል።

ምልክት፦ ድምሩ ከተማሪው ቁጥር በለጠ

የሙዚቃ ክብ 26፣ የቼዝ 21፣ የስዕል 20 ነው። ሲደመሩ 67 ይሆናሉ። በክቦቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን 46 ብቻ ናቸው።

ምክንያቱ አንድን ሰው ደጋግሞ መቁጠር ነው። ሙዚቃም ቼዝም ያለው ልጅ በሁለቱም ክቦች ውስጥ ስላለ ሁለቴ ተቆጠረ። መሃል ያሉት 3 ልጆች ደግሞ ሦስት ሦስቴ ተቆጠሩ። ትርፉን ማየት ይቻላል፦ በሁለት ክበብ ብቻ ያሉት 15 ልጆች አንድ አንድ ትርፍ አመጡ፤ መሃል ያሉት 3 ልጆች ሁለት ሁለት፣ ማለትም 6። አንድ ላይ 21። 67 ሲቀነስ 21፣ 46።

መፍትሄው ክብ ሳይሆን ክፍል መደመር ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚቆመው በአንድ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ የተደመረውን ክፍል በእርሳስ አጥቁሩት። የጠቆረውን ዳግም አትንኩት።

ምልክት፦ ድምሩ አነሰ

ሰባቱን የክብ ውስጥ ክፍሎች በትክክል ደምራችሁ 46 አገኛችሁ፤ የተማሪው ጠቅላላ ቁጥር ግን 54 ነው። ጥግ ላይ ያለው 8 ተረስቷል። ይህን ቁጥር ዓይን በቀላሉ ያልፈዋል፤ ክብ ስለሌለው እንደ ጌጥ ይታያል መሰለኝ።

ይኸው ስህተት ተደብቆ የሚመጣው «ሙዚቃ የሌላቸው ስንት ናቸው?» ሲባል ነው። ብዙ ሰው 9፣ 7 እና 4 ደምሮ 20 ይላል። ግን የትም ክበብ የሌሉት 8 ልጆችም እኮ ሙዚቃ የላቸውም! መልሱ 28 ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከጠቅላላው 54 የሙዚቃን 26 ቀንሱ። ያው 28 ይመጣል።

ምልክት፦ ቁጥሩ ቅርብ ነው፣ ግን ስህተት ነው ተባለ

እዚህ ጋ ጥፋተኛው ቋንቋው ነው። «ሙዚቃና ቼዝ ያላቸው» ሲባል ስዕል ይኑራቸው አይኑራቸው አልተጠየቀም። ስለዚህ 5 ብቻ ሳይሆን መሃል ያለው 3ም ይገባል፤ መልሱ 8 ነው። «ሙዚቃና ቼዝ ብቻ» ከተባለ ግን 5 ነው። «ብቻ» የምትለዋ ቃል መሃሉን ታስወጣለች።

«ቢያንስ ሁለት» እና «ልክ ሁለት»ም እንዲሁ ይለያያሉ። ቢያንስ ሁለት ክበብ ያላቸው 5፣ 6፣ 4 እና 3፣ በድምሩ 18 ናቸው። ልክ ሁለት ያላቸው 15።

«ወይም» ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በዕለት ንግግር «ሻይ ወይም ቡና» ስንል አንዱን ምረጥ ማለታችን ነው። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ግን ሁለቱንም የያዘ ሰው ይቆጠራል። ሙዚቃ ወይም ቼዝ ያላቸውን ለማግኘት ሁለቱን ክቦች ሙሉ በሙሉ አጥቁሩና በውስጣቸው ያለውን ደምሩ፦ 12፣ 9፣ 5፣ 6፣ 4 እና 3። መልሱ 39 ነው።

ምልክት፦ ሁሉን በትክክል ሠርቼ አልገጥም አለ

ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ቦታ እንደገና እዩ። አንዳንድ ምስል ላይ ከክቡ ስም አጠገብ «ሙዚቃ 26» ተብሎ ይጻፋል። ያ የክቡ ሙሉ ድምር እንጂ የአንድ ክፍል ቁጥር አይደለም፤ ከክቡ ውጭ ቢጻፍም የትም ክበብ የሌሉትን አይገልጽም። በክቡ ውስጥ ያሉትን አራት ቁጥሮች ደምሩ። 26 ከሰጡ፣ ያ ቁጥር ድምር ነውና ዳግም አትደምሩት።

ጥጉ ባዶ ከሆነስ? ጠቅላላው ከተነገረ የክቦቹን ድምር ከሱ ቀንሱ። ካልተነገረ ግን ባዶውን ዜሮ ነው ብላችሁ አትገምቱ። ያኔ ማወቅ የሚቻለው ቢያንስ አንድ ክበብ ያላቸውን 46 ተማሪዎች ብቻ ነው።